የክርስትና ስም የሰፈረበት ወረቀት

ሳዑዲ ዓረቢያ ውስጥ በይፋ የቆመ ቤተ ክርስቲያን የለም። በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ ኦርቶዶክሳዊት ኢትዮጵያዊት ቅዳሴ ሲናፍቃት መግቢያዋ የመኝታ ክፍሏ ነው። ቤተሰቡ ሲተኛ በስልኳ ወይም በደብተር ቅዳጅ ላይ የራሷን ጸሎት ትጽፋለች።

ለአብነት እንዲህ ያለ ጸሎት እንውሰድ፦

«አምላኬ ሆይ፣ ጤና ሰጥተህ ለዚህች ሌሊት ስላበቃኸኝ ተመስገን። ደመወዜ ስለገባ፣ እናቴም ገንዘቡ ስለደረሳት ተመስገን። ወለተ ማርያምን ከሕመሟ ፈውስልኝ። ኃይለ ሚካኤልን ከመንገድ አደጋ፣ ገብረ መድኅንን ከክፉ ባልንጀራ ጠብቅልኝ። እኔንም ለአገሬ መሬት አብቃኝ።»

ምስጋናው የቀደመው እንዲሁ አይደለም። ሠራተኛዋ ከልጅነቷ ጀምሮ በቅዳሴ የሰማችው የቅዱስ ባስልዮስ ጸሎተ አኮቴት የሚሄደው በዚሁ ቅደም ተከተል ነው። በመጀመሪያ እግዚአብሔር ስለጠበቀና እስከዚያች ሰዓት ስላደረሰ ይመሰገናል፤ ቀሪው ዘመን በሰላም እንዲያልፍ የሚለመነው ከዚያ በኋላ ነው። እሷ የቀየረችው ዝርዝሩን ብቻ ነው፤ በምስጋናው ውስጥ ደመወዝና ሐዋላ ገብተዋል።

ደመወዝ የምስጋና ምክንያት መሆኑ ብዙ ይናገራል። በከፋላ ሥርዓት የሠራተኛዋ የመኖሪያ ፈቃድ ከአሠሪዋ ጋር የተሳሰረ ነው፤ ደመወዝ ቢቀር ጥሎ መውጣት ቀላል አይደለም። በስልክ ለእናቷ «ደህና ነኝ» ብላ የዘለለችው ስጋት በጸሎቱ ውስጥ ይወጣል። ወሩ ሲያልፍ «ደመወዜ ስለገባ» የሚለው ሐረግ ከጸሎቱ ከጠፋ፣ የሆነ ነገር እንዳለ ያስታውቃል።

ሁለተኛው ምስጢር ስሞቹ ናቸው። ታናሽ ወንድሟ በሰፈር የሚጠራበት ስም እዚህ የለም፤ ያለው የክርስትና ስሙ ነው። በኦርቶዶክስ ልማድ ሰው በጸሎት የሚታሰበው በጥምቀት በተሰጠው ስም ነውና። ስሙ ከጠባቂ ጋርም ያያይዛል፦ ኃይለ ሚካኤል ሲባል ወር በገባ በ12 የሚታሰበው መልአክ ይታወሳል። ከቅዱስ ገብርኤል ዘንድ ስለት ያለባት ደግሞ በ19 ታስባለች፤ አገር ስትገባ ቁልቢ ልትወርድ የተሳለችም አትጠፋም።

ስደተኛው ሙስሊም ሲሆን ቋንቋው ይለያል እንጂ አካሄዱ ይቀራረባል። «አልሐምዱሊላህ» ብሎ ይጀምርና ለወላጆቹ ዱዓ ያደርጋል። የመንገደኛ ዱዓ ተቀባይነት እንዳለው የሚናገር ሐዲስ በመኖሩም፣ ከቤት መራቁን ራሱን ለልመናው አጋዥ አድርጎ ያየዋል።

የስም ጸሎት ግን አንድ ችግር አለበት። ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ክርስትና ትነሣለች። ሠራተኛዋ ከአገር ከወጣች በኋላ የተወለደች የእህቷ ልጅ ካለች ስሟን አታውቀውም። ስለዚህ በሚቀጥለው ጥሪ ከገንዘቡ ወሬ በፊት ትጠይቃለች፦ «የክርስትና ስሟን ማን አላችኋት?»