ፊቱን አትሸፍኑት፦ ሕፃን፣ ቢምቢና ሙቀት

በጋው እየከረረ ሲመጣ፣ ከየካቲት እስከ ግንቦት ባሉት ወራት፣ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ሕፃን ላላቸው ቤቶች ሁሉ አንድ ምክር ይደርሳል። ሕፃኑ ሲተኛ በብርድ ልብስ ይጠቅለል፣ ፊቱ ላይ ስስ ነጠላ ጣል ይደረግበት፣ መስኮቱም ይዘጋ የሚል ነው። ነጠላው ቢምቢ እንዳትነክሰው፣ መስኮቱ መዘጋቱ ደግሞ ንፋስ እንዳይመታው ነው ይባላል። ምክሩን የሚሰጡት አያት፣ አክስትና ጎረቤት ናቸው፤ ሁሉም ሕፃኑን ይወዱታል። አዲስ እናት ደግሞ ለሚወዷት ሰዎች እምቢ ማለት ይከብዳታል። ይሁንና ለሕፃናት እንቅልፍ ከሚሰጡ ምክሮች ውስጥ እንደዚህኛው አደገኛ የሆነ ጥቂት ነው፤ ቢምቢን ለመከላከል ተብሎ ሕፃኑን ለሙቀትና ለመታፈን ያጋልጠዋልና።

ፍርሃቱ ከባዶ የመጣ አይደለም። ሦስቱም ከተሞች ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለሚገኙ ቀኑ ቢሞቅም ሌሊቱ ይበርዳል፤ በተለይ የሱሉልታ ሌሊት በበጋም ቢሆን ያንቀጠቅጣል። በአገራችን የሳንባ ምች የብዙ ሕፃናትን ሕይወት ስለሚቀጥፍ እናት ብርድን ብትፈራ አይፈረድባትም። ቢምቢውም እውነት ነው፤ በተዘጋ ቦይ፣ በሽንት ቤት ጉድጓድና ክዳን በሌለው በርሜል ውስጥ እየተራባ ሲመሽ ወደ ቤት ይገባል። ጨርቅ ቢምቢን እንደሚያግድም አልክድም። ስህተቱ ሁለቱን ችግሮች በአንድ ጨርቅ ለመፍታት መሞከሩ ላይ ነው፤ ያ ጨርቅ ሕፃኑ አካል ላይ፣ ከዚያም ብሶ ፊቱ ላይ ማረፉ ነው።

የሕፃን ሰውነት ሙቀትን የሚያስወጣበት መንገድ ከአዋቂው ይለያል። ጭንቅላቱ ከሰውነቱ ጋር ሲነጻጸር ትልቅ ስለሆነ አካሉ በጨርቅ ሲጠቀለል ሙቀቱ የሚወጣው በዋናነት በፊቱና በራሱ በኩል ነው። ያም ከተሸፈነ መውጫ ያጣል። አዋቂ ሰው ሲሞቀው ብርድ ልብሱን ገፍፎ ይጥላል፤ የሁለት ወይም የሦስት ወር ሕፃን ግን ፊቱ ላይ የወደቀውን ጨርቅ ማንሳት አይችልም። በዚህ ላይ በአፍንጫው ዙሪያ የታጠፈ ጨርቅ ያስወጣውን አየር ይዞ ያስቀርና ሕፃኑ መልሶ እንዲተነፍሰው ያደርጋል።

ለዚህ የቀረበው ማስረጃ ከባድ ነው። በልዩ ልዩ አገሮች የተሠሩ ጥናቶችን አንድ ላይ አሰባስቦ በ2008 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የታተመ ግምገማ በእንቅልፋቸው ድንገት ከሞቱ ሕፃናት ውስጥ ሩብ ያህሉ ጭንቅላታቸው ተሸፍኖ እንደተገኙ አሳይቷል፤ በሕይወት ካሉትና ለንጽጽር ከተወሰዱት ሕፃናት መካከል ግን እንዲህ ሆነው የተገኙት ከመቶ ሦስት ገደማ ብቻ ነበሩ። ጨርቁ ብቻውን የሞታቸው ምክንያት ነው ወይስ ሕፃኑ ሲታገል ወደ ጨርቁ ገብቶ ይሆን የሚለው እስካሁን በተመራማሪዎች መካከል ያከራክራል። ልዩነቱ ግን የዚህን ያህል ሰፊ ሲሆን ክርክሩ እስኪያበቃ ድረስ ሕፃንን እየሸፈኑ መጠበቅ ትክክል አይደለም። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በ2022 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ባደሰው መመሪያው ሕፃናት በጀርባቸው፣ ጠጣርና ዝርግ በሆነ ፍራሽ ላይ፣ ያለ ትራስና ያለ ልቅ ብርድ ልብስ፣ ራሳቸው ሳይሸፈንና ከልክ በላይ ሳይሞቃቸው እንዲተኙ ያስገነዝባል።

«ነጠላ ስስ ነው፣ አየር ያስገባል» የሚል መልስ ሁልጊዜ ይሰማል። አንድ ንብር ደረቅ ነጠላ በእርግጥ አየር ያስገባል። ሌሊት የሚሆነው ግን ሌላ ነው፤ ነጠላው ሁለት ሦስት ጊዜ ይታጠፋል፣ በምራቅና ሕፃኑ በሚያቀረሸው ወተት ይርሳል፣ የረጠበው ጨርቅም አፍንጫና አፍ ላይ ይለጠፋል። እናት ደክማ የተኛችበት ሰዓት ስለሆነ የሚያይ የለም። «እኛም እንዲሁ ነው ያደግነው» የሚለውም ማስረጃ አይሆንም። ይህን የሚናገሩት ያደጉት ብቻ ናቸው። ሌሊት ያለፈው ሕፃን «ድንገት ነው» ወይም «የእግዜር ፈቃድ ነው» ተብሎ ይቀበራል እንጂ ምን ለብሶ፣ እንዴት ተኝቶ እንደነበር የሚጠይቅ ብዙ ጊዜ የለም። ይህንን ሳይጠይቁ ምክሩን በየአራስ ቤቱ የሚያዞሩ ሰዎች ትዕግሥቴን ይፈትኑታል፤ ሕፃኑን ይወዳሉ፣ ነገር ግን ፍቅራቸው ለማወቅ መትጋትን አልጨመረም።

ታዲያ ምን ይደረግ? መልሱ ጨርቁን ከሕፃኑ ላይ አንስቶ ዙሪያውን ማድረግ ነው፤ ይኸውም አጎበር ነው። አጎበሩ አልጋውን ከላይ ሸፍኖ ጫፉ በፍራሹ ሥር በደንብ ከተወተፈ ቢምቢ አትገባም፣ የሕፃኑ ፊትም ነጻ ይሆናል። ሁለት ነገር ይጠንቀቁ። አጎበሩ የሕፃኑን ገላ እንዳይነካ ተወጥሮ ይሰቀል፤ ቆዳውን በነካበት ቦታ ቢምቢ በቀዳዳው በኩል መንከስ ትችላለችና። የመስቀያው ገመድም አጭር ይሁን፣ ሕፃኑ ጎትቶ ሊጠመጠምበት ከማይችልበት ቦታም ይታሰር። ኬሚካል የተነከረ አዲስ አጎበር ሲሆን ከመጠቀም በፊት ቢያንስ አንድ ቀን በጥላ ቦታ ተሰቅሎ ይናፈስ። ከዚያ በኋላ ለሕፃን የሚያሰጋ አይደለም። አጎበር ሲኖር መስኮትን ለመክፈት መፍራት አያስፈልግም፤ ለሌባ የማያመች የላይኛው መስኮት ካለ እሱን መክፈት ይበቃል። ነጠላ ፊት ላይ የሚጥል ቤት ግን መስኮት እንዲዘጋ ይገደዳል፣ ክፍሉም እየታፈነ ይሄዳል።

ልብስን በተመለከተ አንድ ምሳሌ እናንሳ። በመጋቢት ወር በሰበታ አንድ ክፍል የሆነ፣ ቆርቆሮ የለበሰ ኪራይ ቤት ውስጥ የሦስት ወር ሕፃን አለ እንበል። ቀኑን ሙሉ የጋለው ቆርቆሮ ሙቀቱን ወደ ውስጥ ይለቃል፣ ሌሊቱ ሲገፋ ደግሞ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ ክፍሉ ወበቅ ይሆናል፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ግን ሰው ጋቢ ይፈልጋል። የቤተሰቡ ስህተት ሌሊት የሚመጣውን ብርድ በምሽት መመከት ነው። ልክ የሆነው ሕፃኑ ሲተኛ በዚያ ሰዓት የሚበቃውን አንድ ንብር ቀጭን ልብስ አልብሶ ማስተኛት፣ ሌሊት ለጡት ሲነሣ ደግሞ አንገቱን ዳስሶ አንድ ንብር መጨመር ነው። መመዘኛው ቀላል ነው፤ ሕፃኑ በዚያው ክፍል ውስጥ ያለ አዋቂ ከሚለብሰው ቢበዛ አንድ ንብር ይጨመርለት። የሚለበስ እንጂ የሚደረብ አይሁን፤ ብርድ ልብስ የግድ ካስፈለገ ከብብቱ በታች ቀርቶ ጫፉ ፍራሹ ሥር ይወተፍ፣ ኮፍያም በመኝታ አይደረግ።

ሞቆታል ወይስ በርዶታል የሚለውን የሚነግረን የእጅና የእግር ቅዝቃዜ አይደለም። የሕፃን እጅ ቀዝቃዛ መሆኑ የተለመደ ነው፤ ይህን አይቶ ብርድ ልብስ መጨመር ሕፃናት ከመጠን በላይ የሚጠቀለሉበት አንዱ ምክንያት ነው። ሁለት ጣት ከአንገቱ ጀርባ ወይም ደረቱ ላይ ማሳረፍ ይበቃል። ቆዳው ለብ ያለና ደረቅ ከሆነ ልክ ነው። ከጋለ፣ ላብ ካጠመቀው፣ ጸጉሩ ከረጠበ፣ ጉንጩ ከቀላ ወይም አንገቱ ሥር ጥቃቅን ሽፍታ ከወጣበት ልብስ ይቀነስ። ልብስ ከተቀነሰለት በኋላም ሙቀቱ ካልበረደ፣ ወይም ከሦስት ወር በታች የሆነ ሕፃን 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ካተኮሰው፣ ጉዳዩ የልብስ አይደለምና ሳይዘገይ ጤና ጣቢያ ይወሰድ።

የቀሩት እምነቶች ብዙ አያቆዩንም። በቤት ውስጥ የባሕር ዛፍ ቅጠል ማጨስ ወይም የቢምቢ ጥቅል ማቃጠል ሕፃኑን ይጠብቀዋል የሚለው ስህተት ነው፤ አንድ ጥቅል ቢምቢ ማባረሪያ የሚያወጣው ደቃቅ ብናኝ ከ75 እስከ 137 ሲጋራ ከሚያወጣው ጋር እንደሚተካከል ተለክቷል። ፍሊትም ሕፃኑ ባለበት ክፍል አይነፋ። ከሁለት ወር በታች ላለ ሕፃን የሚቀባ ቢምቢ ማባረሪያም አይደረግ፤ የእሱ መከላከያ አጎበር ነው። ሙቀት ሲሆን ስድስት ወር ያልሞላው ሕፃን ውሃ ያስፈልገዋል የሚለውም አይሠራም፤ የጡት ወተት ከመቶ 88 ያህሉ ውሃ ስለሆነ ደጋግሞ ማጥባት ይበቃዋል፣ ውሃና የስኳር ውሃ ግን ጥማቱን እንጂ ረሃቡን አያስታግሥም፣ ሆዱንም ሊያውክ ይችላል። ቬንትሌተር በቀጥታ ፊቱ ላይ ሳይሆን ወደ ጎን ዞሮ አየሩን ቢያንቀሳቅስ ሳንባ ምች አያመጣም፤ ሳንባ ምች የሚመጣው በጀርም ነው።

አንድ እምነት ግን ጥቂት ቦታ ይገባዋል፤ «እዚህ ደጋ ነው፣ ወባ የለም» የሚለው። በከተሞቹ ውስጥ የሚነክሱት ቢምቢዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳክኩ እንጂ ወባ የሚያስተላልፉ አይደሉም፣ ከ2,000 ሜትር በላይ ያለ አካባቢም በባህላዊው አመዳደብ ከወባ ስጋት ውጭ ይቆጠራል። ነገር ግን ለፋሲካ ወይም ለሠርግ ሕፃኑን ይዘው ወደ መተሐራ ወይም ወደ ድሬዳዋ የሚወርዱ ቤተሰቦች ብዙ ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው ከጥር እስከ ጥቅምት 2024 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ ሰዎች በወባ ተይዘው 1,157 ሞተዋል። ቆላ በሚያድሩ ቤተሰቦች ሻንጣ ውስጥ ከጥቂት ልብሶች ቀድሞ የሚገባው አጎበር ነው፤ ተመልሰው ሲመጡ ሕፃኑ ቢያተኩሰው ደግሞ ለሐኪሙ የት እንደነበሩ ሳይጠየቁ ይንገሩ።

ለአራስ ጥየቃ የሚሄድ ሰው ብዙ ጊዜ የሚይዘው ብርድ ልብስ ነው። በአራስ ቤቱ ብርድ ልብስ ሞልቷል፣ የሚጎድለው አጎበርና ቀጭን የጥጥ ልብስ ነው። በሦስቱ ከተሞች ጥየቃ የሚሄዱ ሁሉ አጎበርና ስስ ልብስ ይዘው ቢሄዱ፣ አጎበሩንም ሰቅለው ቢመለሱ፣ ለእናቲቱ ከምክር የሚበልጥ ነገር አድርገውላት ይሄዳሉ።