ድልድዩ ሲጠብ ስንት ብር እናጣለን?

ስንዴ የምታከፋፍሉት እናንተ ናችሁ እንበል። አዳማ መጋዘን 60፣ ኮምቦልቻ 40 መኪና ስንዴ አለ። ድሬዳዋና ወልዲያ እያንዳንዳቸው 50 መኪና ይፈልጋሉ። የአንድ መኪና ኪራይ (ቁጥሩ ለምሳሌ ነው) ከአዳማ ድሬዳዋ 20 ሺህ፣ ወልዲያ 28 ሺህ፤ ከኮምቦልቻ ወልዲያ 8 ሺህ፣ ድሬዳዋ 30 ሺህ ብር።

በዘርፉ ቋንቋ ይሄ «ሚኒመም ኮስት ፍሎው» ይባላል፤ ከተሞቹ ኖድ፣ መንገዶቹ አርክ ናቸው። መንገዱ ክፍት ከሆነ ቀላል ነው፦ የኮምቦልቻው በሙሉ ወልዲያ ይገባል፣ የጎደለውን 10 አዳማ ይሞላል። ወጪው 1.6 ሚሊዮን ብር።

አሁን ከኮምቦልቻ ወልዲያ ያለው ድልድይ ጥገና ላይ ሆነና በቀን ከ30 መኪና በላይ አላሳልፍ አለ። ተቋራጩ «ለተጨማሪ መኪና 25 ሺህ ክፈሉኝና የሌሊት ፈረቃ ልጨምር» ይላል። ይከፈላል?

ብዙ ሰው ከ28 ላይ 8 ቀንሶ «ጉዳታችን 20 ሺህ ነው፣ ይቅርብን» ይላል። ግን ኮምቦልቻ የቀረው መኪናስ? እሱ በ30 ሺህ ድሬዳዋ ይሄዳል። ድሬዳዋ ይሄድ የነበረ የአዳማ መኪና ደግሞ 20 ሺሁን ትቶ በ28 ሺህ ወልዲያ ይወጣል። የ8 ሺሁም ጉዞ ቀርቷል።

30 + 28 − 20 − 8 = 30

እውነተኛው ጉዳት በመኪና 30 ሺህ ስለሆነ 25 ሺሁ ያዋጣል፤ ግን እስከ 10 መኪና ብቻ። ከዚያ በላይ ኮምቦልቻ የሚጫን ስንዴ የለም።

ከአዳማ ወልዲያ ያለውም መንገድ በ15 መኪና ቢገደብስ? 30 እና 15፣ 45 ነው፤ ወልዲያ 50 ትፈልጋለች። ያኔ ኮምፒውተሩ infeasible ብሎ ቁጭ ይላል፣ ለመኪና ኪራይ የፈለጋችሁትን ያህል ብትከፍሉም።