የሐበሻ ዶሮና የሥጋ ዶሮ፦ የሥጋቸው ልዩነትና የሚፈልጉት የማብሰያ ጊዜ

በአገራችን ገበያ «ዶሮ» ተብሎ የሚሸጠው አንድ ዓይነት ሥጋ አይደለም። ታርዶና ታሽጎ ከማቀዝቀዣ የሚሸጠው የሥጋ ዶሮ (ብሮይለር) እና ከገጠር በሕይወት የሚመጣው የሐበሻ ዶሮ በአንድ ዓይነት ሰዓት አይበስሉም። የሐበሻው ዶሮ ለሥጋ ዶሮ በሚበቃው ሰዓት ከእሳት ቢወርድ ጠንክሮ ለጥርስ ያስቸግራል። የሥጋ ዶሮው ለሐበሻው በሚያስፈልገው ሰዓት ያህል ድስት ውስጥ ቢቆይ ደግሞ ከአጥንቱ ተላቆ ወጡ ውስጥ ይበተናል። የመጀመሪያው ስሕተት ዶሮውን ወደ እሳት በመመለስ ይታረማል፤ ሁለተኛው ግን አይመለስም።

ለልዩነቱ ዋናው ምክንያት ዕድሜ ነው። የሥጋ ዶሮ በፍጥነት እንዲያድግ ለብዙ ትውልድ ተመርጦ የተዳቀለ በመሆኑ፣ የተመጣጠነ መኖ ሲያገኝ ከ6 እስከ 7 ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ 2 ኪሎ ግራምና ከዚያ በላይ ይመዝናል። የሐበሻ ዶሮ ጭሮ ያገኘውን እየበላ የሚያድግ ስለሆነ አውራው 1.5 ኪሎ ግራም ለመድረስ 6 ወር ገደማ ይፈጅበታል፤ ሴቷ ከዚያም ያነሰች ናት። ብዙውን ጊዜ ሴቷ ለገበያ የምትቀርበው እንቁላል ጥላና ጫጩት አሳድጋ፣ ከዓመት በላይ ከቆየች በኋላ ነው። ስለዚህ በአንድ ማዕድ ላይ የሚቀርቡት ሁለት ዶሮዎች አንዱ የሳምንታት ጫጩት፣ ሌላው ሙሉ ዕድሜ የኖረ እንስሳ ሊሆኑ ይችላሉ።

ዕድሜ ሥጋውን የሚያጠነክረው ኮላጅን በተባለው ፕሮቲን አማካይነት ነው። ኮላጅን የሥጋውን ጭረቶች እርስ በርስና ከአጥንት ጋር አያይዞ የሚይዝ ጅማት መሰል ነገር ነው። በወጣት ዶሮ ውስጥ የኮላጅኑ ክሮች ገና በላላ ትስስር የተያያዙ ስለሆኑ በጥቂት ሙቀት ይፈታሉ። ዶሮው እያረጀ ሲሄድ ክሮቹ እርስ በርስ ይቆላለፋሉ፤ ቁልፉም በቀላል ሙቀት የማይፈታ ይሆናል። እንዲህ ያለው ሥጋ የሚለሰልሰው እርጥበት ባለው ሙቀት ረዘም ላለ ጊዜ ሲቆይና ኮላጅኑ ቀስ በቀስ ወደ ጄላቲን ሲለወጥ ብቻ ነው። እሳቱን ማበርታት ጊዜውን አያሳጥርም፤ የሥጋው ጭረት ውኃውን ጨርሶ አውጥቶ ይደርቃል፣ ጅማቱ ግን ገና ሳይፈታ ይቀራል።

ይኸው ኮላጅን ነው የሐበሻ ዶሮ ወጥን ወፈር፣ ከከንፈርም ያዝ የሚያደርገው። የወጣው ጄላቲን ወደ መረቁ ይገባል። የሥጋ ዶሮ ወጥ ብዙውን ጊዜ ቀጠን የሚለው ለዚህ ሲሆን፣ በማቀዝቀዣ የቆየው ሥጋ በሚቀልጥበት ጊዜ የሚለቀው ውኃም ያቀጥነዋል።

ጣዕሙም ከአኗኗሩ የሚመነጭ ነው። ቀኑን ሙሉ የሚራመድ፣ የሚጭርና ከአደጋ የሚሸሽ ዶሮ የእግሩ ጡንቻ ኦክስጅን የሚይዘውን ቀይ ፕሮቲን (ማዮግሎቢን) በብዛት ያከማቻል፤ ስለዚህም የታፋው ሥጋ ጠቆር፣ ጣዕሙም ጠለቅ ያለ ነው። የሥጋ ዶሮ ጥቂት የሚንቀሳቀስና ገና በለጋ ዕድሜው የሚታረድ በመሆኑ ሥጋው ነጣ ያለ፣ ለስላሳና ውኃ የበዛበት ሲሆን ጣዕሙም ገር ነው። ይህ ጉድለት ተብሎ ሊቆጠር አይገባም። ለአሮስቶ፣ ለጥብስና በፍጥነት ለሚሠራ ምግብ የተሻለው እርሱ ነው፤ የሐበሻ ዶሮ ቀድሞ ሳይቀቀል እሳት ላይ ቢጠበስ ለማኘክ የሚያስቸግር ይሆናል። የቆዳና የስብ ቢጫነት ግን የዝርያ ማረጋገጫ አይደለም። ቢጫው ቀለም ከአረንጓዴ ቅጠልና ከቢጫ በቆሎ የሚገኝ ስለሆነ በመኖ የሚያድግ ዶሮም ሊኖረው ይችላል።

በገበያ የሚያሳስተው ሦስተኛው ዶሮ

ሸማቾች ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት በሐበሻውና በብሮይለሩ መካከል ሳይሆን፣ ከሁለቱም ባልሆነ ሌላ ዶሮ ነው። በበዓል ሰሞን በሕይወት የሚሸጡ ትልልቅ ቡናማ ዶሮዎች «የፈረንጅ ዶሮ» ተብለው ስለሚጠሩ ፈጥነው እንደሚበስሉ ይገመታል። ከእነዚህ ብዙዎቹ ግን እንደ ቦቫንስ ብራውን ካሉ የእንቁላል ዝርያዎች የሆኑና ምርታቸው ስለቀነሰ ከእርባታ የተሰናበቱ ናቸው። እንዲህ ያለችው ዶሮ ለገበያ ስትቀርብ ዕድሜዋ አንድ ዓመት ተኩል ገደማ ደርሷል። ስሟ የፈረንጅ ቢሆንም ጅማቷ የአሮጊት ነው፤ ሰዓት የሚታሰብላትም እንደ ሐበሻ ዶሮ ነው። ለሥጋም ለእንቁላልም የሚረቡት እንደ ሳሶና ኮኮክ ያሉ ዝርያዎች ደግሞ በጥቂት ወራት ዕድሜያቸው ሲታረዱ በሁለቱ መካከል ይገኛሉ።

ስለዚህ ለሻጩ ሊቀርብ የሚገባው ጥያቄ ስለ ዝርያው ብቻ ሳይሆን ስለ ዕድሜውም ነው። መልሱን በእጅ ማረጋገጥም ይቻላል። የዶሮው ፍርምባ አጥንት የኋላ ጫፍ በጣት ሲጫኑት እንደ ጆሮ የሚታጠፍ ከሆነ ዶሮው ወጣት ነው፤ ጠንክሮ የማይታጠፍ ከሆነ ዕድሜው ገፍቷል። በአውራ ዶሮ ላይ ደግሞ ከእግሩ በስተኋላ የሚወጣው ሹል ጥፍር ይታያል። በወጣቱ ላይ እብጠት ብቻ ሲሆን፣ በዕድሜ በገፋው ላይ ረዝሞና ጠንክሮ ይገኛል።

በድስት ውስጥ

ቀጥሎ የሚታየው አሠራር በአዲስ አበባ ለሚዘጋጅ ዶሮ ወጥ የሚሆን ነው። ቦታው የተጠቀሰው ያለ ምክንያት አይደለም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ውኃ በከተማዋ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ነው፤ በድሬዳዋ ግን በ96 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ወጥ ደግሞ ከሚፈላበት ሙቀት ብዙም አያልፍም። አራቱ ዲግሪ ጥቂት ቢመስሉም ጠንካራ ኮላጅን የሚፈታበትን ጊዜ በግልጽ ያራዝማሉ። በቆላ የሚኖር ዘመድ የነገረው ሰዓት በደጋ የማይበቃው ለዚህ ነው። ክዳኑ በእንፋሎት ግፊት የሚዘጋ ድስት (ፕሬዠር ኩከር) ሙቀቱን ከ100 ዲግሪ በላይ ስለሚያደርሰው የከፍታውን ጉዳት ያካክሳል።

አንድ የ8 ወር የሐበሻ አውራ ዶሮ 1.6 ኪሎ ግራም ይመዝናል እንበል። ታርዶ፣ ተገፎና ሆድ ዕቃው ወጥቶ 1 ኪሎ ግራም ገደማ ይቀረዋል፤ በ12 ብልትም ይወጣል። ሽንኩርቱ በዝግታ ቁሊ ብሎ፣ በርበሬውም ገብቶ ቁሌቱ ግማሽ ያህል ሲበስል ዶሮው ሊጨመር ይችላል፤ ምክንያቱም ሥጋውና ቁሌቱ አብረው ለመብሰል በቂ ጊዜ አላቸው። ከዚያ በኋላ በዝግታ እሳት፣ ክዳኑ ተገጥሞ፣ ሙቅ ውኃ ጥቂት በጥቂት እየተጨመረ ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት ይቆያል። ዕድሜው ከዓመት ካለፈ ሁለት ሰዓት ተኩልና ከዚያም በላይ ሊወስድ ይችላል።

ለሥጋ ዶሮ ቅደም ተከተሉ ይለወጣል። በረዶ የሠራ ከሆነ ከዋዜማው ጀምሮ በማቀዝቀዣው የታችኛው ክፍል፣ በጎድጓዳ ሳህን ተቀምጦ ይቀልጣል፤ የወጣው ውኃም ይደፋል። በጠረጴዛ ላይ ማቅለጥ ውስጡ በረዶ ሳለ ላዩ ለባክቴሪያ መራቢያ የሚሆን ሙቀት እንዲያገኝ ያደርጋል። ቁሌቱ ዶሮው ከመግባቱ በፊት ፈጽሞ መብሰል፣ የበርበሬው ጥሬነት መጥፋትና ወፍሮ ዘይቱ ከላይ መንሳፈፍ አለበት። ሥጋው የሚያስፈልገው ከ35 እስከ 45 ደቂቃ ብቻ ስለሆነ ያልበሰለ ቁሌት በዚህ ጊዜ ውስጥ አይደርስም፤ ቁሌቱ ይድረስ ተብሎ ሰዓቱ ቢራዘም የፍርምባው ሥጋ ይደርቃል። ወጡን ማወፈር የሚፈልጉ ቤቶች አንገቱን፣ ጀርባውንና የክንፉን ጫፍ ለብቻው ለአንድ ሰዓት ያህል ቀቅለው መረቁን በውኃ ምትክ ይጠቀሙበታል፤ በሥጋ ዶሮ ላይ ኮላጅን በብዛት የሚገኘው በእነዚህ ክፍሎች ነው።

እንግዳ በዝቶ ሁለቱ ዶሮዎች በአንድ ድስት የሚሠሩ ከሆነ የሐበሻው ቀድሞ ገብቶ፣ ለስለስ ማለት ሲጀምር (አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ሰዓት ከሩብ በኋላ) የሥጋ ዶሮው ይጨመራል። የሥጋ ዶሮው ከገባ በኋላ ድስቱን ደጋግሞ ማማሰል አይመከርም፤ ማነቃነቅ ካስፈለገ ድስቱን ይዞ መወዝወዝ ይበቃል።

በቤት የሚታረድ ዶሮ ሌላ ጥንቃቄ አለው። ዶሮ ከታረደ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ጡንቻው ይገተራል፤ ለጥቂት ሰዓታትም እንዲሁ ይቆያል። በዚህ ጊዜ የሚበስል ሥጋ ከተለመደው የበለጠ ይጠነክራል። ማቀዝቀዣ ያለው ቤት ከዋዜማው አርዶ፣ አጽድቶና ሸፍኖ ቢያሳድረው ሥጋው ይፈታል። ማቀዝቀዣ በሌለበት ቤት ግን ጥሬ ሥጋ ማሳደር አደገኛ ስለሆነ ወዲያው ወደ ድስት ማስገባትና ሰዓቱን ማርዘም ይሻላል። በሎሚና በጨው ማጠብ ሽታውን ይቀንሳል እንጂ እንደ ሳልሞኔላ ያሉ ባክቴሪያዎችን ለማጥፋት አይበቃም፤ እጥበቱም ውኃው ወደ ሌላ ምግብ እንዳይረጭ በሳህን ውስጥ ይሁን።

መብሰሉ የሚታወቀው ለእያንዳንዱ በተለያየ ምልክት ነው። የሐበሻ ዶሮ በደኅንነት በኩል ችግር የለበትም፤ ከመለስለሱ ብዙ ቀደም ብሎ ባክቴሪያ የሚሞትበትን ሙቀት አልፏል። የሚጠበቀው የእግሩ ሥጋ ከአጥንቱ ጫፍ ሸሽቶ መሰብሰቡና ሹካ ሲወጉት ያለ ትግል መግባቱ ነው። የሥጋ ዶሮ ደግሞ ገና ሳይበስል ለስላሳ ስለሆነ ልስላሴው ማስረጃ አይሆንም። የታፋው ወፍራም ክፍል እስከ አጥንቱ ድረስ ተሰንጥቆ ሲታይ ጥሬ የሚመስል ሥጋ መኖር የለበትም፤ የምግብ ቴርሞሜትር ካለ 74 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ማሳየት ይኖርበታል። በአጥንቱ ዙሪያ የሚታይ ጥቁር ቀይ ቀለም ግን ብቻውን ሥጋው አለመብሰሉን አያመለክትም። የለጋው ዶሮ አጥንት ገና ስላልጠነከረ፣ በተለይ በረዶ ሠርቶ ከቀለጠ በኋላ፣ መቅኒው ወደ ውጭ ይሰርጋል፤ ሲበስልም ይጠቁራል። ሙቀቱ ከደረሰ ይህ ሥጋ ያለ ሥጋት ይበላል።