በ፦ ለበግ ወይስ ለባቡር?

በስልክ ላይ በጣት እየተገፉ የሚታዩ ተከታታይ ምስሎች ለሕፃናት ፊደል ማስተማሪያም ይውላሉ። በአንዱ ስላይድ አንድ የፊደል ቤተሰብ ከሰባት ድምፆቹ ጋር ይሰፍራል፤ ከጎኑ አንድ ቃልና ሥዕሉ ይቀመጣል። አሠራሩ ቀላል ይመስላል። የሚያስቸግረው ቃሉን መምረጥ ነው።

የ«በ»ን ቤተሰብ እንመልከት። አዘጋጁ ቶሎ የሚመጣለት በግ ነው። በግ ክፉ ምርጫ ባይሆንም ልጁን የሚያገናኘው ከግዕዙ ከ«በ» ጋር ብቻ ነው፤ የቀሩት ስድስቱ ያለ ሥዕል ይቀራሉ። ባቡር ግን በአንድ ቃል ሁለቱን ይዟል፤ «ባ»ን እና «ቡ»ን። ሁለቱ በቀይ ቀለም ቢጻፉ ልጁ «ቡ» በቀኝ ጎኑ አጭር ጭረት እንዳወጣ፣ «ባ» ደግሞ ቀኝ እግሩ እንደረዘመ ያያል። ያንኑ ጭረትና ያንኑ ረጅም እግር በ«ሉ» እና በ«ላ»፣ በ«ሱ» እና በ«ሳ» ላይ መልሶ ያገኘዋል። ይህን ከለመደ በኋላ ብዙውን ቤተሰብ ራሱ መገመት ይጀምራል። «ረ» ግን አንድ እግር ብቻ ስላለው «ሩ» እና «ራ» ሌላ መልክ ይይዛሉ፤ ስለዚህ ስላይዱ ላይ ረዘም ያለ ቆይታ ያስፈልገዋል።

አንዳንዱ ፊደል ቃል ይነፍጋል። በ«ኘ» የሚጀምር የተለመደ የአማርኛ ቃል ስለሌለ «ጓደኛ» ተጽፎ «ኛ» ብቻ ቢቀለም ይሻላል። ለ«ሠ» «ንጉሥ» ጥሩ ነው፤ ዘውድ የደፋ ሰው መሣል አያስቸግርም።

«ሀ»፣ «ሐ» እና «ኀ» በአማርኛ ድምፃቸው አንድ ነው፤ ልጁ «ለምን ሦስት?» ማለቱ አይቀርም። ለየቤታቸው ሀገር፣ ሐኪምና ኃይል ቢሰጣቸው ቢያንስ የሚለይበት ነገር ያገኛል። «ዐ» ከሁሉ የታደለ ነው። በግዕዝ የፊደሉ መጠሪያ ራሱ ዐይን ነው፤ ክብ ቅርጹ ላይ ብሌን ቢነጠብበት ሥዕሉ ተሠራ ማለት ነው። ብቻ አዘጋጁ እዚህ «ዐይን» ጽፎ ሌላ ስላይድ ላይ «አይን» እንዳይል ይጠንቀቅ።

መሠረታዊዎቹ ቤተሰቦች 33 ናቸው፤ 26ቱ ከግዕዝ የመጡ፣ ሰባቱ ደግሞ እንደ «ሸ»፣ «ቸ» እና «ጨ» በነበሩት ላይ ምልክት ተጨምሮ ለአማርኛ የተበጁ። ሁሉንም በአንድ ጊዜ መደርደር ልጅን ያደክማል። አምስት ስድስቱን እየለዩ ማቅረብ ይቀላል፤ «ሰ» እና «ሸ»ን የመሰሉ ጥንዶች ግን አይነጣጠሉ፤ ልጁ ልዩነታቸው አናት ላይ ያለው ምልክት ብቻ መሆኑን የሚያየው ጎን ለጎን ሲሆኑ ነው።

ልጁ «በ ቡ ቢ ባ» እያለ በዜማ ስለወረደ ብቻ አወቀ አይባልም፤ ዜማው ፊደሉን ሳያይ ሊመራው ይችላል። ወላጅ ሥዕሉን በእጁ ሸፍኖ «ቢ»ን ከመሃል ለብቻዋ ያሳየው። ልጁ ከ«በ» ጀምሮ እየቆጠረ ከደረሰባት ስላይዱ ገና አልተጠናም፤ ቀጣዩን ቤተሰብ መክፈት ለነገ ይቆይ።