ሃያ ከተሞች፣ አንድ ዛቻ

አንድ ትልቅ መደብር በሃያ ከተሞች ቅርንጫፍ አለው እንበል። በየትኛውም ከተማ ተፎካካሪ የለውም። ነገር ግን በእያንዳንዱ ከተማ ጥቂት ገንዘብ ያጠራቀመና ተመሳሳይ ሱቅ ለመክፈት የሚያስብ አንድ ነጋዴ አለ። መደብሩም ይህን ስለሚያውቅ ለሁሉም አስቀድሞ አስወርቷል፦ «አጠገቤ ሱቅ የከፈተ ሰው ዋጋ ሰብሬ አከስረዋለሁ።»

ጨዋታውን በዚህ መልክ ያቀረበው ጀርመናዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ራይንሃርድ ዜልተን ነው። ጽሑፉ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1978 ሲሆን ከ16 ዓመት በኋላ ከጆን ናሽና ከጆን ሃርሳኒ ጋር የኖቤል ሽልማት ተካፍሏል። ሃያውን ከተማ ለጊዜው እንተወውና ከአንዱ እንጀምር።

የውሳኔ ዛፍ የሚሳለው ማን ቀድሞ እንደሚወስን በመጠየቅ ነው። እዚህ ቀዳሚው ነጋዴው ነው፤ ይገባል ወይም ይቀራል። ከቀረ ገንዘቡን ሌላ ቦታ አውሎ 1 ያገኛል፣ መደብሩም ገበያውን ብቻውን ይዞ 5 ያገኛል። ከገባ ተራው የመደብሩ ነው። ገበያውን ቢጋራ ለሁለቱም 2፣ 2 ይደርሳቸዋል። ዋጋ ሰብሮ ቢዋጋ ሁለቱም 0 ይዘው ይቀራሉ። ቁጥሮቹ የዜልተን ናቸው፤ ብር ወይም ዶላር ብሎ መተርጎም አያስፈልግም፣ ዋናው የትኛው ከየትኛው እንደሚበልጥ ነው።

ነጋዴው «ልግባ ወይስ ልቅር?» ብሎ ከፊት ቢጀምር መልስ አያገኝም፤ መግባት የሚያዋጣው ወይም የማያዋጣው መደብሩ በኋላ በሚያደርገው ነው። ስለዚህ ዛፉ የሚፈታው ከጫፉ ነው። ነጋዴው አሁን ገብቷል፣ ሱቁን ከፍቷል እንበል። መደብሩ በዚያች ሰዓት ፊቱ ያለው 2 ወይም 0 ብቻ ነው። የቀድሞው 5 ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የለም። 2ን ይመርጣል፣ ይጋራል። እንግዲህ «ይዋጋል» የሚለውን ቅርንጫፍ ሰርዘን አንድ እርምጃ ወደ ኋላ እንመለስ። ለነጋዴው መግባት 2፣ መቅረት 1 ሆኖለታል። ይገባል። ዛቻውም ባዶ ሆኖ ተገኘ።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ የሚስተው ዛቻውን በተዛተበት ሰው ጉዳት መለካቱ ነው። ነጋዴው ከ2 ወደ 0 ይወርዳልና ያስፈራል ይላል። የሚጠየቀው ግን ዛቻውን የሚፈጽመው ወገን በመፈጸሚያው ሰዓት ምን ያጣል የሚለው ነው። መደብሩ ሲዋጋ የሚያጣው ነጋዴው ከሚያጣው እኩል ነው።

ዛፉን ከጫፉ የመፍታት አሠራር በአንድ በኩል አሮጌ ነው፤ ብዙ ጊዜ ኤርንስት ዜርሜሎ በ1913 ቼዝን በሒሳብ ከመረመረበት ጽሑፍ ጋር ይያያዛል። ሆኖም ከናሽ በኋላ አንድ ክፍተት ቀርቶ ነበር። የናሽ ሚዛን የሚባለው የሌላው ውሳኔ ባለበት ከጸና ማንም ብቻውን ሐሳቡን ቀይሮ የማይጠቀምበት ሁኔታ ነው። «ነጋዴው ይቀራል፤ ከገባ ግን መደብሩ ይዋጋል» የሚለውን ጥንድ በዚህ እንመዝነው። ነጋዴው ውጊያ እንደሚጠብቀው ካመነ 1 ከ0 ይሻለዋል። መደብሩም 5 እያገኘ ምን ይለውጣል? ማንም ስላልገባ መዋጋቱ አልተፈተነም፣ ምንም አላስከፈለውም። ባዶው ዛቻ የናሽን ፈተና አለፈ ማለት ነው። ዜልተን በ1965 የጨመረው መስፈርት ይህን ቀዳዳ ደፈነ፦ የአንድ ተጫዋች እቅድ ጨዋታው ጭራሽ በማይደርስበት መገንጠያ ላይም ቢሆን የሚያዋጣ መሆን አለበት።

መደብሩ ዛቻውን የሚታመን ማድረግ ይችላል፤ ነገር ግን ገንዘብ ያስወጣዋል። ለመዋጋት ተጨማሪ መጋዘን ያስፈልገዋል እንበል፤ ወጪውም 2.5 ነው፤ በውጊያው 0 ውስጥም አስቀድሞ ተቆጥሯል። አሁን ነጋዴው ሳይወስን መደብሩ መጋዘኑን ገንብቶ ቢጨርስስ? ማንም ካልገባ 5 ሲቀነስ 2.5፣ ማለትም 2.5 ይተርፈዋል። ነጋዴው ገብቶ ቢጋራ 2 ሲቀነስ 2.5፣ የ0.5 ኪሳራ ነው። ቢዋጋ እንደ ድሮው 0፣ ወጪው ያው ነውና። 0 ከኪሳራ ይሻላል፤ ይዋጋል። ነጋዴው ይህን ከጫፉ ሲያሰላ ይቀራል፣ መደብሩም በ2 ፈንታ 2.5 ያገኛል። ወጪው ከ2 ቢያንስ ዛቻው ባዶ እንደሆነ ይቀራል፤ ከ3 ቢበልጥ ደግሞ ከመገንባት መጋራት ይሻላል። ደግሞም ነጋዴው መጋዘኑን በዓይኑ ማየት አለበት፣ መደብሩም ነገ ሸጦ ገንዘቡን መመለስ የማይችል መሆን አለበት። አቪናሽ ዲክሲት በ1980 ተንትኖ ያሳየው ይህን መንገድ ነው።

መጋዘን ሳይገነባስ? ወደ ሃያው ከተማ እንመለስ። ነጋዴዎቹ በተራ ነው የሚወስኑት፣ ያለፈውንም ሁሉ ያያሉ። መደብሩ «በመጀመሪያው ከተማ ተዋግቼ 2 ባጣ፣ አንድ ሌላ ነጋዴ እንኳ ቢፈራ 3 አገኛለሁ» ብሎ ያስባል። ጤናማ ስሌት ይመስላል። ከጫፉ ስንጀምር ግን ይፈርሳል። በሃያኛው ከተማ የሚያስፈራራው ሰው አልቀረም፤ ይጋራል። በሃያኛው እንደሚጋራ ሁሉም ካወቀ በአሥራ ዘጠነኛው መዋጋት ማንንም አያስቀርም፤ እዚያም ይጋራል። እንዲህ እያለ እስከ መጀመሪያው ይደርሳል። ውጤቱ በየከተማው 2፣ በድምሩ 40 ነው። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ከተሞች ተዋግቶ የቀሩትን 17 ቢያስፈራ ግን 85 ያገኝ ነበር።

ዜልተን በዚህ ስሌት ውስጥ አንዳች ስሕተት አላገኘም፤ ሆኖም እርሱ ራሱ መደብሩ ቢሆን ኖሮ በመጀመሪያዎቹ ከተሞች እንደሚዋጋ በዚያው ጽሑፍ ገለጸ። ለዚህም ነው ነገሩን ተቃርኖ ያለው። የገዛ ማረጋገጫውን አምኖ የማይከተለው ሊቅ ብዙ አይገኝም፤ እኔ ከሥራው ሁሉ የምወድለት ይህን ነው።

መውጫው በ1982 በሁለት ጽሑፎች መጣ፣ አንዱ የዴቪድ ክሬፕስና የሮበርት ዊልሰን፣ ሌላው የፖል ሚልግሮምና የጆን ሮበርትስ። ከዜልተን ስሌት የጣሉት ነገር የለም፤ የጨመሩት ጥርጣሬ ነው። ነጋዴዎቹ መደብሩ ምናልባት ትርፉን ሳያሰላ ሁልጊዜ የሚዋጋ እልኸኛ ይሆን ብለው ጥቂት ይጠረጥራሉ። በዜልተን ቁጥሮች አንድ ነጋዴ የሚቀረው የመዋጋቱ ዕድል ከግማሽ ሲበልጥ ነው። በመጨረሻው ከተማ የሚዋጋው እልኸኛው ብቻ ስለሆነ ጥርጣሬው ራሱ ከግማሽ መብለጥ አለበት። ሁለት ከተሞች ሲቀሩ ግን ሩብ ይበቃል፣ ሦስት ሲቀሩ አንድ ስምንተኛ፤ አንድ ከተማ በተጨመረ ቁጥር የሚያስፈልገው ጥርጣሬ በግማሽ ይቀንሳል። ምክንያቱም አስልቶ የሚኖረው መደብር እልኸኛ መስሎ መታየት የሚያስገኝለት ነገር እየበዛ ይሄዳል፣ ነጋዴዎቹም ይህን ያውቃሉ።

ጥርጣሬው ከመቶ አንድ ብቻ ቢሆን እንኳ ሰባት ከተሞች ሲቀሩ የሚያስፈልገው ከ128 አንድ ነውና ይበቃል። ስድስት ሲቀሩ ከ64 አንድ ያስፈልጋል፤ አይበቃም። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ 14 ከተሞች ማንም አይገባም፣ መደብሩም አንድ ቀን ሳይዋጋ ከየከተማው 5 ይሰበስባል። በአሥራ አምስተኛው ነጋዴው ይገባል። እዚያ መደብሩ ከተዋጋ እልኸኛ ነው የሚለው ጥርጣሬ ያድጋል፤ አንዴ ከተጋራ ግን ጥርጣሬው እዚያው ያበቃል፣ በቀሩት ከተሞች ያሉት ነጋዴዎችም ሁሉም ይገባሉ።