እውነት ወይስ ተረት? ለቁንዝላዋ አያት የሚላክ የልደት መልእክት

ቁንዝላ በጣና ሐይቅ ደቡብ ምዕራብ ዳርቻ፣ በሰሜን አቸፈር ወረዳ የምትገኝ ትንሽ የወደብ ከተማ ናት። እንደ ብዙ የጣና ዳር ከተሞች ሁሉ፣ አያት እዚያ፣ የልጅ ልጅ ደግሞ ባሕር ዳር፣ አዲስ አበባ ወይም ባሕር ማዶ የሆነበት ቤተሰብ አላት። ውጭ አገር ተወልዶ ያደገ የልጅ ልጅ ለአያቱ ልደት በእንግሊዝኛ አራት አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች ጻፈ እንበል፤ መልካም ልደት፣ እወድሻለሁ፣ ስላደረግሽልኝ ሁሉ አመሰግናለሁ፣ ብዙ ዓመት እመኝልሻለሁ የሚሉ። ቃል በቃል ሲተረጎም ብዙውን ጊዜ እንዲህ ሆኖ ይወጣል፦

«መልካም ልደት፣ ሴት አያቴ። በጣም እወድሻለሁ። ላደረጉልኝ ነገር ሁሉ አመሰግናለሁ። ብዙ ተጨማሪ ዓመታት እመኝልሻለሁ።»

ትርጉሙ የሚታወቁ ቃላትን የያዘ ነው፤ ሆኖም ቁንዝላ ላይ ቢነበብ ጆሮ ይቆረቁራል። ምክንያቱ በሰፊው የሚታመኑ አምስት ተረቶች ናቸው።

ተረት 1፦ «መልካም ልደት» ካሉ በቂ ነው።

እውነት፦ «መልካም ልደት» ስሕተት የለበትም፤ ከተሜው በየቀኑ ይለዋል። ለአዛውንት ግን የተለመደው የበዓል ሰላምታ «እንኳን አደረሰዎ» ነው። ያደረሰው ፈጣሪ ነውና ንግግሩ ከምኞት ይልቅ ምስጋና ይሆናል። እዚህ ላይ አንዲት ፊደል መጠንቀቅ ያስፈልጋል። «እንኳን ለልደት አደረሰዎ» ከተባለ፣ የልደት ቀኗን አክብራ የማታውቅ የገጠር እናት የምትሰማው ታኅሣሥ 29 የሚውለውን የጌታን ልደት፣ ገናን ነው። «ለልደትዎ» ሲባል ግን የራሷ መሆኑ ይታወቃል። ይበልጥ ግልጽ ማድረግ ለፈለገ «ለተወለዱበት ቀን እንኳን አደረሰዎ» ማለት ይቻላል።

ተረት 2፦ አያት ከሆነች የግድ «እርስዎ» ነው።

እውነት፦ የሚወስነው ቤተሰቡ ነው። በጎጃም ገጠር ለአዛውንት አንቱታ የተለመደ ነው፤ ተናጋሪው «እርስዎ» ከማለት ይልቅ «አንቱ» ቢልም ግሡ ያው ነው፤ «አንቱ ደህና አደሩ?» ይባላል። ነገር ግን አያቱ እጅ ላይ ያደገ ልጅ «አንቺ» እያለ የኖረበት ቤት ብዙ ነው። እንዲህ ያለው ልጅ በድንገት በአንቱታ ቢጽፍ አያቲቱ «ምን አስቀየምኩት?» ብላ ልትጨነቅ ትችላለች። ስለዚህ ከመተርጎም በፊት የሚጠየቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ እቤት ፊት ለፊት ሲያናግሯት ምን ይሏታል?

መልሱ ካልታወቀ አንቱታን መምረጥ ይሻላል። ብዙ አዛውንት መልእክቱን ራሳቸው አያነቡትም፤ የጎረቤት ልጅ ወይም የቤቱ ታናሽ ጮክ ብሎ ያነብላቸዋል። «እወድሻለሁ» ከሌላ ሰው አፍ ሲወጣ ድፍረት ሊመስል ይችላል፤ «እወድዎታለሁ» ግን ማንም ቢያነበው አያሳፍርም።

ተረት 3፦ ብዙ ቁጥር አክብሮት ስለሆነ «እንኳን አደረሳችሁ» ይበቃል።

እውነት፦ በኦሮምኛ የብዙ ቁጥሩ «ኢሲን» ለአንድ ትልቅ ሰው አክብሮት ይሆናል፤ የአማርኛው «እናንተ» ግን አይሆንም። «አደረሳችሁ» ለቤቱ ሰው ሁሉ ነው፤ ለእሷ ለብቻዋ «አደረሰዎ» ወይም «አደረሰዎት» ይባላል፤ ሁለቱም ልክ ናቸው።

ከዚህ የሚከፋው ቅይጥ ነው። ከላይ ያለውን ትርጉም ተመልከቱ፤ «እወድሻለሁ» ብሎ «ላደረጉልኝ» ይላል፤ መልሶ ደግሞ «እመኝልሻለሁ»። አንዲት ሴት በአንድ መልእክት ውስጥ አንዴ አንቺ፣ አንዴ አንቱ ሆነች። እንግሊዝኛው ለሁሉም አንድ ቃል ስላለው ተርጓሚው በየግሡ እንደ አዲስ ይመርጣል፤ መዘበራረቁ የሚመጣውም ከዚያ ነው። ማጣሪያው ቀላል ነው፤ ጽፋችሁ ስትጨርሱ የግሦቹን ጫፍ ብቻ ተመልከቱ። በአንቱታ የጀመረ መልእክት ውስጥ አንዲት «ሽ» ከተገኘች አንድ ቦታ ተሳስቷል ማለት ነው።

ተረት 4፦ የእንግሊዝኛው የአያት መጠሪያ በአማርኛ «ሴት አያት» ነው።

እውነት፦ «ሴት አያት» ዝምድናን ለማስረዳት ይጠቅማል፤ ለመጥራት ግን አይሆንም። በብዙ ቤት የልጅ ልጆች አያታቸውን የሚጠሩት ትልልቆቹ በሚጠሩበት ስም ነው፤ እማማ፣ እማዬ፣ እምዬ፣ እቴቴ። መንኩሳ ከሆነ ደግሞ «እማሆይ» ትባላለች፤ ገዳማት በበዙበት በጣና ዙሪያ ይህን መጠየቅ ተገቢ ነው። ትክክለኛውን መጠሪያ አክስት ወይም አጎት በአንድ ስልክ ይነግራሉ።

መጠሪያው ሌላም ሥራ አለው። በአንቱታ «ናፍቀውኛል» ሲባል የግሡ ባለቤት «እርስዎ» ወይም «እሳቸው» ወይም «እነሱ» ሊሆን ይችላል። «እማማ፣ ናፍቀውኛል» ሲባል ግን ጥርጣሬው ይጠፋል። ስለዚህ መጠሪያውን መጨረሻ ላይ ከመወሸቅ ይልቅ ገና ሲጀመር ማስቀመጥ ነው።

ተረት 5፦ የረጅም ዕድሜ ምኞት «ብዙ ዓመታት እመኝልዎታለሁ» ይባላል።

እውነት፦ ሰዋስዉ ልክ ነው፤ ነገር ግን ከመሥሪያ ቤት የመጣ ደብዳቤ ይመስላል። አያቱን የሚወድ አማርኛ ተናጋሪ «ዕድሜና ጤና ሰጥቶ ያቆይልኝ» ይላል። «ልኝ» የምትለው ጫፍ የእሷ መቆየት ለእኔም በረከት ነው ትላለች፤ የእንግሊዝኛው ዓረፍተ ነገር ይህን አይዝም። በተጨማሪ «ያቆይልኝ» በአንቺም በአንቱም አይለወጥምና የሚዘበራረቅ ነገር የለውም። ለምስጋናውም «እግዜር ይስጥልኝ» የቆየው አነጋገር ነው፤ በሙስሊም ቤት ደግሞ የአላህ ስም ይገባል።

አንድ የሚጨመርም አለ። በአገራችን መራቂዋ አያት ናት፤ ታናሽ ምርቃት ይለምናል። የእንግሊዝኛው ጽሑፍ ይህ ባይኖረውም ትርጉሙ «ይመርቁኝ» ብሎ ቢያበቃ እሷ መልስ የምትሰጥበት በር ይከፈታል።

የተስተካከለው መልእክት በአንቱታ ይህን ይመስላል፦

«እማማ፣ እንኳን ለልደትዎ በሰላም አደረሰዎ። በጣም እወድዎታለሁ። ላደረጉልኝ ሁሉ እግዜር ይስጥልኝ። ዕድሜና ጤና ሰጥቶ ያቆይልኝ። ይመርቁኝ።»

አንቺ በሚባባሉበት ቤት ደግሞ፦

«እማዬ፣ እንኳን ለልደትሽ በሰላም አደረሰሽ። በጣም እወድሻለሁ። ላደረግሽልኝ ሁሉ እግዜር ይስጥልኝ። ዕድሜና ጤና ሰጥቶ ያቆይልኝ። መርቂኝ።»

ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ ሁለቱን መቀላቀል ግን ትክክል አይደለም። ለአያታችሁ ልትጽፉ ያሰባችሁ ሁሉ፣ አስቀድማችሁ ለቤተሰብ ደውሉና ሁለት ነገር ጠይቁ፤ ማን ተብላ ትጠራለች፣ አንቺ ነው ወይስ አንቱ የምትባለው። የቀረውን አማርኛው ራሱ ይሞላዋል።