ፋይል መቆለፍና ሺት መጠበቅ ለየቅል ናቸው

አንድ የቁጠባና ብድር ማኅበር ሒሳቡን በኤክሴል ይይዛል እንበል። በአንዱ ፋይል ውስጥ ከመስከረም እስከ ነሐሴ ለየወሩ አንድ አንድ ሺት አለ። «ድምር» የተባለው ሺት የዓመቱን ገቢ ይሰበስባል። የሠራተኞች ክፍያ የሰፈረበት «ደመወዝ» የተባለ ሺትም አለ፤ እሱ ግን ከዓይን ተደብቋል። ፋይሉ በገንዘብ ያዡ፣ በጸሐፊውና በኦዲተሩ እጅ ይዘዋወራል። ገንዘብ ያዡ «ፋይሉን ቆልፌዋለሁ» ቢሉ ምን ማለታቸው ነው? ኤክሴል ለዚህ ጥያቄ በጣም የተራራቁ ሁለት መልሶች አሉት። ሰውን የሚያሳስተውም ሁለቱም Protect Workbook በሚባል ቁልፍ ሥር መገኘታቸው ነው።

የመጀመሪያው File፣ Info፣ Protect Workbook ተብሎ ሲገባ የሚገኘው Encrypt with Password ነው። የይለፍ ቃል ሁለት ጊዜ ያስጽፋል፤ ፋይሉ ሴቭ ሲደረግም ይዘቱ በሙሉ ወደማይነበብ ምስጢራዊ ኮድ ይለወጣል። ከዚያ በኋላ የይለፍ ቃሉን የማያውቅ ሰው አንዲት ቁጥር እንኳ አያይም። የይለፍ ቃሉን የሚያውቅ ግን ሁሉን ማድረግ ይችላል፤ ማንበብም፣ ማረምም፣ የኅዳርን ሺት መሰረዝም። ይህ ቁልፍ የሚለየው ፋይሉን የሚከፍተውንና የማይከፍተውን ብቻ ነው፤ የከፈተው ሰው ምን እንደሚያደርግ አይቆጣጠርም።

ሁለተኛው Review ውስጥ የሚገኘው Protect Workbook ነው። በሚከፈተው ትንሽ ሳጥን ላይ Structure የሚለው ምልክት ይደረግበታል፤ የይለፍ ቃል ማስገባት በፈቃድ ነው። ይህ ፋይሉን ማንም እንዳይከፍት አይከለክልም። የሚከለክለው ሺት መጨመርን፣ መሰረዝን፣ ስም መቀየርን፣ ቦታ ማዛወርን፣ መደበቅንና የተደበቀውን መግለጥን ነው። በሺት ስም ላይ በቀኝ በኩል ክሊክ ሲደረግ Delete፣ Rename እና Unhide ደብዝዘው ከታዩ መዋቅሩ ተቆልፏል ማለት ነው።

የዚህ ጥቅም የሚታየው በማኅበሩ «ድምር» ላይ ነው። እዚያ የኅዳርን ገቢ የሚያመጣው ፎርሙላ እንዲህ ያለ ነው፦

```
='ኅዳር'!F40
```

ጸሐፊው ባዶ ሺት መስሏቸው ኅዳርን ቢሰርዙ በዚያ ቦታ #REF! የሚል ስሕተት ይወጣል፤ የዓመቱም ድምር አብሮ ይበላሻል። ሺት መሰረዝ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በCtrl+Z አይመለስም። መዋቅሩ ተቆልፎ ቢሆን ኖሮ ስረዛው ከመነሻውም አይቻልም ነበር። ይሁንና ሺቱ ውስጥ ገብቶ F40ን ማጥፋትን ይህ ጥበቃ አያግድም፤ ለዚያ Protect Sheet የሚባለው ሌላ ጥበቃ አለ።

አደጋው ያለው የመዋቅር ጥበቃን ለምስጢር መጠበቂያ ማዋል ላይ ነው። ገንዘብ ያዡ «ደመወዝ»ን ደብቀው መዋቅሩን በይለፍ ቃል ቢቆልፉ Unhide አይሠራምና ምስጢሩ የተጠበቀ ይመስላል። ነገር ግን «ድምር» ላይ የደመወዝ ወጪ ያለበትን ሕዋስ የነካ ሰው የተደበቀውን ሺት ስም በፎርሙላው መስመር ላይ ያነበዋል። ከዚያ በማንኛውም ባዶ ሕዋስ ይህን ይጽፋል፦

```
='ደመወዝ'!C5
```

ኤክሴል ሳይጠይቅ የC5ን ቁጥር ያሳየዋል። ፎርሙላውን ወደታች ቢስበው ዝርዝሩ በሙሉ ይወጣል። ከዚህም በላይ የ.xlsx ፋይል በውስጡ የታመቁ የጽሑፍ ፋይሎች ስብስብ ነው፤ የመዋቅሩ ቁልፍ ከእነዚህ በአንዱ ውስጥ ያለ አንድ መስመር ሲሆን፣ ያ መስመር ከተሰረዘ ጥበቃው አብሮ ይጠፋል። ማይክሮሶፍት ራሱ ይህን ጥበቃ የደኅንነት መሣሪያ አድርጎ አያቀርበውም።

የይለፍ ቃል ሲረሳም ልዩነቱ ያው ነው። የመዋቅሩ ከተረሳ መረጃው በእጅ አለ፤ ቢያንስ ሕዋሳቱን ወደ አዲስ ፋይል ገልብጦ መቀጠል ይቻላል። የመክፈቻው ከተረሳ ግን ማይክሮሶፍትም ሊያወጣው አይችልም። ትልቅና ትንሽ ፊደል ስለሚለይም Caps Lock ተጭኖ የተጻፈ ቃል በኋላ ባለቤቱን ራሱን ሊያስቀር ይችላል። የመክፈቻ ይለፍ ቃል ከመደረጉ በፊት በኢሜይል ወይም በቴሌግራም የተላኩ ቅጂዎች ደግሞ እንደተከፈቱ ይቀራሉ፤ ቁልፉ የሚሠራው በአዲሱ ቅጂ ላይ ብቻ ነው።

ስለዚህ ለማኅበሩ የሚበጀው ደመወዙን ከዚህ ፋይል አውጥቶ የመክፈቻ ይለፍ ቃል ባለው የራሱ ፋይል ማስቀመጥ ነው። በ«ድምር» ላይ የሚገባው በፎርሙላ የተያያዘ ሳይሆን በእጅ የተጻፈ ጠቅላላ ወጪ ይሁን። ሦስቱ ሰዎች የሚጋሩት የወራቱ ፋይል ደግሞ መዋቅሩ ይቆለፍ፤ እዚያ የሚፈራው የሺት መጥፋት እንጂ የቁጥር መታየት አይደለምና።